ጎመን በጤና፣ ግን በልክ፦ ዋርፋሪን ለጀመሩ ወገኖች

በዚህ እትም የምንነጋገረው ዋርፋሪን ስለተባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ለሰው ሲታደል የመድኃኒት ባለሙያው ከኪኒኑ ጋር አንድ የምክር ወረቀት መስጠትና ማስረዳት ይገባዋል። ሰልፉ ሲረዝም ግን ወረቀቱ ሳይብራራ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወረቀቱን ዘርግተን አብረን እንየው። ለምሳሌ እንዲሆነን በገራዶ የምትኖር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት እህት እናስብ።

ይህች እህት በልጅነቷ ካደረባት የጉሮሮ ሕመም የተነሣ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ይዟት የልቧ በር (ቫልቭ) ጠብቧል፤ ምቱም ተዛብቷል። ልብ በወጉ መጨመቁን ትቶ ሲንቀጠቀጥ ደም አንድ ጥግ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። ያ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውን በአንድ ጎኑ ሽባ ያደርጋል። ዋርፋሪን የታዘዘላት ይህ እንዳይደርስባት ነው። አዳዲስ ኪኒኖች እያሉ ለምን ይህ አሮጌው? የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ በብዙ አገሮች የተደረገ ጥናት በሩማቲክ ሕመም ምክንያት ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ከአዲሶቹ አንዱን ከዋርፋሪን ዓይነቶቹ ጋር አነጻጽሮ፣ የአሮጌው ወገን እንደሚሻል አሳይቷል። በቀዶ ሕክምና የብረት ቫልቭ የተተከለላቸው ወገኖችም ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱት ይህንኑ ነው።

ሰው «ደም ያቀጥናል» ይለዋል እንጂ ደምን አያቀጥንም። ጉበታችን ደም የሚያረጉትን ነገሮች የሚሠራው በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ነው፤ ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያዘገያል። ቀድመው የተሠሩት እስኪያልቁ ድረስ ስለሚቆዩም የአንድ ኪኒን ውጤት ዛሬ አይታይም፤ ሙሉ ሥራውን ለመጀመር 5 ቀን ያህል ይፈልጋል። ልኩ የሚታወቀው አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 ገደማ ይሆናል፤ የእህታችን ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ሲወርድ ደሙ ሊረጋ ይችላል፤ ከ4 ሲያልፍ የመድማቱ አደጋ በፍጥነት ይጨምራል። የብረት ቫልቭ ላላቸው ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ሊል ስለሚችል ሐኪሙ የጻፈውን ይያዙ።

አሁን ወደ ጎመኑ እንምጣ። ቫይታሚን ኬ በብዛት የሚገኘው በአረንጓዴ ቅጠል፣ በተለይም በሐበሻ ጎመን ነው። ጎመን ከጓሮ ለሚቀጠፍበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንበልና እህታችን በቀን አንድ ባለ 5 ሚሊ ግራም ኪኒን፣ በሳምንት 35 ሚሊ ግራም እየወሰደች ቁጥሯ 2.4 ሆነ። ጎመን በሳምንት አንድ ሁለቴ ትበላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጎመኑ ተትረፈረፈና ቤቱ በየቀኑ ጎመን ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመረመር ቁጥሯ 1.6 ወርዷል። ሐኪሙ «ኪኒን ዘለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ አልዘለለችም። ስለ ጎመኑ የጠየቀ የለም፣ እርሷም አላነሣችም። መጠኑ ወደ 40 ሚሊ ግራም ከፍ አለላት፤ ማለትም በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ተኩል ኪኒን። ከዚያ ጎመኑ አለቀና ቤቱ ወደ ሽሮው ተመለሰ። ኪኒኑ ግን እንደጨመረ ቀረ። ጥርሷን ስትፋቅ ድድዋ መድማት ጀመረ፤ ስትመረመር 4.3 ሆነ።

እዚህ ላይ ማንም አላጠፋም፤ ወሬው ብቻ አልተገናኘም። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ጎመን እርም ይሁን» ይላል። ይህም ትክክል አይደለም። ጎመን ፈጽሞ የማይበላ ሰው ሰውነቱ የቫይታሚን ኬ ስንቅ ስለማይኖረው ትንሽ ቅጠል በቀመሰ ቁጥር ቁጥሩ ይዋዥቃል። የሚፈለገው እኩልነት ነው። በሳምንት ሁለቴ የምትበላ ከሆነ ሁለቴውን ትቀጥል፤ መለወጥ ካስፈለገ ከምርመራው በፊት ትናገር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ አያስፈሩም፤ በጥሬው በብዛት ለመድኃኒት ብሎ መውሰድን ግን አልመክርም።

በጉባኤያችን የጾምና ጸሎት ቀናት አሉ። ሙሉ ለሙሉ ከምግብ የሚታቀብ ሰው ቫይታሚን ኬ ስለማያገኝ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። የሦስት ቀን ጾም ያሰበች እህት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። እኔ በበኩሌ ቢያንስ በየማታው ምግብ እንድትቀምስ እመክራለሁ። በጉባኤ ከተጸለየላት በኋላ ኪኒኑን ማቆም የምትፈልግም ትኖራለች። ጸሎቱን የሚቃወም ቃል የለኝም። ሆኖም ዋርፋሪን በሰውነት የሚሰማ ነገር የለውም፤ ደህና መሆን መሰማት የልብ ምት መስተካከሉን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው የልብ ምርመራው ነው፤ ኪኒኑ ከቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ መከላከያው ይጠፋል። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም።

ኪኒኑ በየማታው በአንድ ሰዓት ይዋጣል። ማታ ከተረሳና ከመተኛት በፊት ከታወሰ ይወሰድ፤ ሲነጋ ከታወሰ ግን ያለፈው ይለፍ፣ ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም። ራስ ምታት ሲመጣ ከሱቅ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይገዛ፤ ለጥቂት ቀን ፓራሲታሞል ይሻላል። የወገብ ሕመም ብላ ክሊኒክ የሄደች እንደሆነ በጡንቻ መርፌ ከመወጋቷ በፊት «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ትበል፤ በጡንቻዋ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ሜትሮኒዳዞልና ባክትሪም ቁጥሩን በጣም ከፍ ያደርጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል።

የደም መፍሰስ ምልክቶችን ባልም ሊያውቃቸው ይገባል፤ ማታ አብሯት ያለው እርሱ ነውና። የድድ መድማትና ያለ ምክንያት የሚወጣ ብልዝ ሲታይ በማግስቱ ለምርመራ መሄድ ነው። ነስር ተጫንነው 10 ደቂቃ አልፎ ካልቆመ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀ፣ ሽንት ከቀላ፣ ደም ከተፋች ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሳት፣ የወር አበባዋ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስለውጥ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ደሴ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ድንገት የመጣ ብርቱ ራስ ምታትና ጭንቅላት ላይ መውደቅም፣ «ደህና ነኝ» ብትልም፣ እንዲሁ ነው። የዚያን ማታ ኪኒን አትዋጥ፤ የክትትል ደብተሯና ኪኒኖቿ ይያዙ። ሌሊት መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ፣ የብረት ኪኒን የሚወስድም ሰገራው ሊጠቁር እንደሚችል እወቁ፤ ካልተረጋገጠ ግን መመርመሩ ይሻላል። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈም ይህ የአንጎል ነገር ነውና ፈጥናችሁ ውሰዷት።

በመጨረሻ ለባለትዳሮች አንድ ነገር። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት፣ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ልጅ ያሰባችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ከልብ ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፤ በእነዚህ ሳምንታት ሄፓሪን የተባለው መርፌ ሊተካው ይችላል። የወር አበባ የዘገየ እንደሆነ ጊዜ ሳትሰጡ ተመርመሩ፣ ኪኒኑን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ለማዘግየት የምትፈልጉም ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ደም ስለሚያረጋ ለእርሷ አይመከርም። የምታጠባ እናት ግን አትስጋ፤ ዋርፋሪን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ እየወሰደች ማጥባት ትችላለች።