ሳይጽፉ፣ ሳይናገሩ የሚተላለፍ የቤት ቁልፍ

ዋይፋይ በገባበት ቤት ሁሉ እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ይኸውም «ፓስወርዱ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የቤቱ እመቤት ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይጀምራሉ። እንግዳውም በስልካቸው ላይ ፊደል ይለቅማሉ። «ትልቁ ዲ ነው ወይስ ትንሹ?» «ዜሮ ነው ኦ?» እየተባለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳሳታል፤ እንደገና ይጀመራል። በዚህ መካከል በረንዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፓስወርዱን በቃሉ ይዞት ይቀራል።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት የደረሰባቸውን እንዲህ ሲሉ ገልጸውልናል። «የምንኖረው ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር በአንድ ግቢ ነው። የባለቤቴ እህት ከአሜሪካ መጥታ ስለ ነበር ፓስወርዱን በረንዳ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሳምንት ሳይሞላ የግቢው ልጆች ሁሉ በእኛ መስመር ገቡ። ማታ ማታ ልጄ የትምህርት ቪዲዮ ሲከፍት እየቆመ ያስቸግረዋል። ማንንም ላለማስቀየም ዝም ብያለሁ። ለመሆኑ ፓስወርዱን ሳይናገሩ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ይቻላል ይባላል፤ እንዴት ነው?»

በእርግጥ ይቻላል። የእኚህ እናት ስልክ ሳምሰንግ ነው፤ የእንግዳቸው ደግሞ አይፎን። የሁለቱ ስልኮች ዓይነት ሲለያይ የሚያገለግለው መንገድ ኪውአር ኮድ የተባለው በጥቁርና በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን የተፈለሰፈው በፋብሪካ ውስጥ የመኪና ዕቃዎችን ለመለየት ነበር። ዛሬ ግን ገንዘብ ለመክፈልም ሆነ ዋይፋይ ለማጋራት ይውላል። ዋይፋይን በኪውአር ማጋራት እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ በስልኩ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ሌላ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የባለቤቷ ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ መሆኑ ይረጋገጥ። በሳምሰንግ ስልክ «Settings» ከዚያም «Connections» ቀጥሎም «Wi-Fi» ይከፈታል። ከተገናኘው መስመር ስም አጠገብ ያለችው የጥርስ ምልክት ትነካለች። በሚከፈተው ገጽ ታች «QR code» ወይም እንደ ስልኩ ዕድሜ «Share» የሚል ይገኛል። ሌላ የአንድሮይድ ስልክ ያላቸውም የተገናኙበትን መስመር ስም ነክተው «Share» የሚለውን ወይም የኪውአር ምልክት ይፈልጉ። ብዙ ስልኮች ሥዕሉን ከማሳየታቸው በፊት የጣት አሻራ ወይም የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃሉ። ይህም ስልኩን ለአፍታ ያነሣ ልጅ ወይም ሌላ ሰው የቤቱን ፓስወርድ እንዳያወጣ የተደረገ ነው።

እንግዳይቱ ደግሞ የአይፎናቸውን ካሜራ ከፍተው ፎቶ እንደሚያነሱ ሁሉ ወደ ሥዕሉ ያነጣጥራሉ፤ ፎቶውን ግን ማንሳት አያስፈልግም። ካሜራው ሥዕሉን ሲያነብ የመስመሩን ስም የያዘ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። እርሱን ሲነኩና «Join» የሚለውን ሲመርጡ ስልኩ ይገናኛል። ተቀባዩ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ በዋይፋይ ገጹ ላይ ያለችውን የኪውአር ምልክት ነክቶ ማንበብ ይቻላል። ሥራው ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለቱም ስልኮች አይፎን ከሆኑ ሥዕሉም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አይፎኖች ፓስወርዱን እርስ በርሳቸው ይቀባበላሉ። የሁለቱም ዋይፋይና ብሉቱዝ መከፈት፣ የሁለቱም «Personal Hotspot» መዘጋት አለበት። ሁለቱም ስልኮች በአፕል አካውንታቸው መግባት ይኖርባቸዋል። ሰዎች የሚረሱት ዋናው ነገር ግን የአንዱ አካውንት የኢሜይል አድራሻ በሌላው የስልክ ማውጫ ውስጥ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። የስልክ ቁጥር ብቻ ተይዞ ኢሜይሉ ካልተመዘገበ ጥያቄው ብቅ ላይል ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሟላ እንግዳው የመስመሩን ስም ይነካል፤ በባለቤቱ ስልክ ላይ «Share Password» የሚል ይመጣል፤ እርሱ ሲነካ አለቀ።

አልሠራ ሲል ምክንያቱን መለየት አያስቸግርም። ካሜራው ሥዕሉን ጨርሶ ካላነበበ የስክሪኑ ብርሃን ደብዝዟል፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ወይም የካሜራው ዓይን ቆሽሿል ማለት ነው። ብርሃኑን ከፍ አድርጎ፣ ካሜራውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ ስልኮቹን አንድ ስንዝር ያህል ማራራቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሥዕሉ ተነቦ ግንኙነቱ እምቢ ካለ ደግሞ የተቀባዩን ስልክ የዋይፋይ ዝርዝር መመልከት ነው። የመስመሩ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ስልኩ ከራውተሩ ርቋል፤ አለበለዚያም ስልኩ አሮጌ ሆኖ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ የሚልከውን መስመር ማየት አይችልም። በዚህ ጊዜ 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነውን ሌላውን የመስመር ስም ማጋራት መፍትሔ ይሆናል። ስሙ እየታየ ፓስወርዱ ተሳስቷል ከተባለ ግን ምናልባት የተነበበው ፓስወርዱ ከመለወጡ በፊት የተቀመጠ የቆየ ሥዕል ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ አንድ ብርቱ ጉዳይ ይቀረናል። ብዙ ሰዎች ሥዕሉ ፓስወርዱን የሚሸፍን ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የመስመሩ ስም «Bet-12»፣ ፓስወርዱ ደግሞ «DaboI0lO7» ነው እንበል። በጆሮ ሰምቶ ለመጻፍ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ከፊደሎቹ ይታያል። ከእነዚህ የተሠራው ኪውአር ኮድ በውስጡ የያዘው ይህን ብቻ ነው፤

```
WIFI:T:WPA;S:Bet-12;P:DaboI0lO7;;
```

ከ«T» ቀጥሎ ያለው የመቆለፊያውን ዓይነት፣ ከ«S» ቀጥሎ ያለው የመስመሩን ስም፣ ከ«P» ቀጥሎ ያለው ፓስወርዱን ይናገራል። ፓስወርዱ አልተቆለፈም፣ ወደ ምስጢር ጽሑፍም አልተለወጠም፤ በነጠብጣብ ተጻፈ እንጂ። ኪውአር የሚያነብ ማንኛውም ስልክ መልሶ በፊደል ሊያወጣው ይችላል። በአንዳንድ ስልኮች እንዲያውም ፓስወርዱ ከሥዕሉ ሥር በግልጽ ተጽፎ ስለሚታይ፣ ስክሪኑ ለማን እንደሚታይ ማስተዋል ይገባል።

እንግዲህ የሥዕሉን ፎቶ በቴሌግራም መላክ ፓስወርዱን ጽፎ ከመላክ አይለይም። ግድግዳ ላይ መለጠፍም ቁልፉን በበሩ ላይ እንደ መተው ነው፤ ለእንግዳ መቀበያ ታስቦ ካልሆነ በስተቀር። ሥዕሉ የጊዜ ገደብ የለውም። ፓስወርዱ እስካልተለወጠ ድረስ ከዓመት በፊት የተነሣ ፎቶ ዛሬም ያስገባል።

በአይፎኖች መካከል የሚደረገው መቀባበልም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ሲተላለፍ ማንም አያየውም። ይሁን እንጂ ከደረሰ በኋላ በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የአይፎን ሲስተም ጀምሮ የስልኩ ባለቤት በዋይፋይ ገጹ ላይ ገብቶ ፓስወርዱን በፊደል ማንበብ ይችላል። አንድሮይድ ስልክ የተቀበለም ከላይ ባየነው መንገድ የራሱን ሥዕል አውጥቶ ለሦስተኛ ሰው ያሳልፋል። በአጭሩ በዚህ ዘዴ ጣትና አፍ ያርፋሉ፤ የሚተላለፈው ግን ቁልፉ ራሱ ነው። የሰጡት ሰው ለማን እንደሚያቀብል መቆጣጠር አይቻልም።

ስለዚህ ጥያቄውን ላቀረቡልን እናት ሁለት ሥራ እንዲያከናውኑ እንመክራለን። የመጀመሪያው ፓስወርዱን መለወጥ ነው። ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በተገናኘ ስልክ ላይ ኢንተርኔት መክፈቻውን ከፍቶ በራውተሩ ሥር የተጻፈውን አድራሻ ማስገባት ይቻላል፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፤

```
192.168.1.1
```

በዚያ የሚጠየቀው የራውተሩ መግቢያ ስምና ቃል ነው፤ ይህም ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። እርሱም ብዙውን ጊዜ በዚያው በራውተሩ ሥር ተጽፎ ይገኛል። ገጹ ሲከፈት የዋይፋዩ ፓስወርድ በአዲስ ይተካል፤ ከስምንት ፊደል ማነስ የለበትም። በተለወጠ ቅጽበት የቤቱ ስልኮች፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ሳይቀሩ ሁሉም ይቋረጣሉ። አዲሱን ቃል በአንድ ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉና ለቀሩት የቤተሰቡ ስልኮች በኪውአር ያሳልፉ። እንዲህ ሲሆን ግቢው ውስጥ ማንንም ተናግሮ ማስቀየም አያስፈልግም፤ የቀድሞው ፓስወርድ በራሱ ጊዜ አገልግሎቱን ያቆማል።

ሁለተኛው ለእንግዳ የተለየ መስመር መክፈት ነው። በዚያው ገጽ ላይ «Guest Network» የሚል ካለ፣ የራሱ ስምና የራሱ ፓስወርድ ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ከዚያው ራውተር ይወጣል። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቷ በስልካቸው ወደዚህ መስመር ገብተው የእርሱን ሥዕል ያሳያሉ። እንግዳው ሲሄድ መስመሩን መዝጋት ወይም ፓስወርዱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። የቤተሰቡን ስልኮች አይነካም፤ ልጁም ማታ ትምህርቱን ሳይቋረጥበት ይከታተላል። ሁሉም ራውተር ይህ የለውም። የሌለው ቤት እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ዋናውን ፓስወርድ መለወጥ ይኖርበታል።

ለልጆችም አንድ ቃል መንገር ያስፈልጋል። ለጓደኛ «ሥዕሉን ብቻ ነው ያሳየሁት» የሚል ልጅ ፓስወርዱን እንደ ሰጠ አያውቅም። ከላይ ያለችውን አንድ መሥመር ጽሑፍ አሳይቶ «P» ካለበት ቀጥሎ ያለው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነገሩን ወዲያው ያስረዳዋል።