የግብር ውሳኔ ማስታወቂያው ከነጋዴው መዝገብ ጋር ለምን አይገጥምም?

የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ የደረጃ «ሀ» ነጋዴዎች የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ። ኋላ ላይ ኦዲት ሲደረግ የውሳኔ ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። ብዙዎች በቅድሚያ የሚያዩት ከግርጌ የሰፈረውን ጠቅላላ ክፍያ ነው። ይህ ቁጥር ፍሬ ግብሩን፣ ቅጣቱንና ወለዱን የደመረ በመሆኑ ልዩነቱ ከየት እንደመነጨ አይናገርም። አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ነጋዴው ያሳወቀው ሽያጭና ኦዲቱ የደረሰበት ሽያጭ ነው።

ለአብነት አንድ የእህል ነጋዴ 1,840,000 ብር ሽያጭ አሳውቀዋል እንበል። ማስታወቂያው ግን 2,310,000 ብር ይላል። የ470,000 ብር ልዩነት ሙሉ በሙሉ ትርፍ ተደርጎ ተይዟል። ነጋዴው ያሳወቁት ትርፍ ቀድሞውንም ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ላይ የደረሰ ስለሆነ፣ የተጨመረባቸው ፍሬ ግብር 164,500 ብር ነው።

ኦዲተሩ ሽያጩን ያሰላው ወደ ባንክ ሂሳባቸው ከገባው ገንዘብ ነው። ባንክ የገባ ሁሉ ግን ሽያጭ አይደለም። ነጋዴው የባንክ መግለጫቸውን መስመር በመስመር ሲያመሳክሩ 200,000 ብሩ ብድር ሆኖ ተገኘ፤ የብድር ውሉ ማስረጃ ይሆናል። 150,000 ብሩ ደግሞ ከራሳቸው ሌላ ሂሳብ የተዛወረ ነው። በአንዱ መግለጫ ወጪ፣ በሌላው ገቢ ሆኖ በተመሳሳይ ቀን ይታያል። የቀረው 120,000 ብር ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ ነው።

ይህን መካድ አያዋጣም። የዚያ እህል መግዣ ወጪ ባሳወቁት ሂሳብ ውስጥ ቀድሞ ተቀንሶ ከሆነ ዳግመኛ ሊቀነስ ስለማይችል፣ 120,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ነው፤ ግብሩም 42,000 ብር ይሆናል። ወጪው ካልተቀነሰና የግዢ ማስረጃ ካለ ግን ትርፉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። አርሶ አደሩ እህሉን ሲያስረክብ በግዢ ማስረጃው ላይ እንዲፈርም የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ፊርማው ለነጋዴው ወጪ ማረጋገጫ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ የሚነሳው በ350,000 ብሩ፣ ማለትም በ122,500 ብር ግብር ላይ ብቻ ነው። ይህ ከተነሳ በእሱ ላይ የተሰላው ቅጣትና ወለድም አብሮ ይወርዳል።

በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ ነው። ቅሬታው የሚቃወመውን መጠንና ምክንያቱን ለይቶ መጻፍ አለበት። «ግብሩ በዛብኝ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ይህን አያሟላም። ያልተካዱት 42,000 ብርም አስቀድሞ መከፈል ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቅሬታው እንደ ቀረበ አይቆጠርም። የክልል ግብር ከፋይ ደግሞ በእጁ ባለው ማስታወቂያ ላይ የተጠቀሰውን አዋጅና የቅሬታ ቀን ማየት ይኖርበታል። ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን በወረቀቱ ላይ መጻፍም ይበጃል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከደረሰበት ዕለት እንጂ ከተጻፈበት ዕለት አይደለምና።