ስርዝ ድልዝና የጥያቄው ወሰን፦ ከአንድ የሶደሬ ናሙና ማስታወሻ ገጽ በመነሣት

በመሥሪያ ቤቶቻችን «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለው ሐረግ የሰነድ ተቀባይነት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ለውልና ለደረሰኝ ተገቢ የሆነው ይህ መለኪያ ወደ ቤተ ሙከራ ማስታወሻ ደብተር ሲሻገር ግን ጉዳት ያስከትላል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የደብተራቸውን ገጽ በስልክ አንሥተው ለአማካሪያቸው ወይም ለጥናት ባልደረባቸው ይልካሉ። ከፎቶው ወደ ሠንጠረዥ የሚገለብጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተሰረዘውን ይተዋል፣ በኅዳግ የተጫረውን ይዘላል፣ በገጹ መካከል በንጹሕ የተጻፈውን ይወስዳል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ልማድ ስሕተት ነው። አንድ መስመር የጥያቄው አካል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከመጨረሻው ውጤት ወደ ኋላ ሲሄዱ መስመሩ የሚያስፈልግ ሆኖ በመገኘቱ እንጂ በመሰረዙ ወይም በተጻፈበት ስፍራ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኝ የፍል ውኃ ስፍራ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከፍ ብሎ መገኘቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ከእንዲህ ያሉ ምንጮች ናሙና ወስዶ ፍሎራይድን በኤሌክትሮድ መለካት በአካባቢው የተለመደ የምርምር ሥራ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ገጽ ከሶደሬ ምንጭ የተቀዳ ናሙና የተለካበትን ደብተር የሚመስል ነው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ስለሆኑ የምንጩን ትክክለኛ ይዘት እንደሚያሳዩ ተደርገው አይወሰዱ።

በገጹ አናት ላይ ናሙናው የቀጠነበት መጠን «5 → 50» ተብሎ ተጽፎ በአንድ መስመር ተሰርዟል፤ ከበላዩ «10 → 50» ተተክቷል። ይኸውም በመጀመሪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ በኋላ ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ተወስዶ እስከ 50 ሚሊ ሊትር በውኃ ተሞልቷል ማለት ነው። ከሥር ሁለት ንባቦች አሉ፦ ያልተሰረዘ 124 ሚሊቮልት፣ የተሰረዘ 106 ሚሊቮልት። በገጹ መካከል በጥሩ እጅ ጽሑፍ «3 × 60 = 180» ይነበባል። በቀኝ ኅዳግ፣ አንገቱን አዘንብሎ ለሚያነብ ሰው ብቻ በሚታይ አኳኋን፣ «1 → 112፣ 10 → 54» ተጭሯል። ከታች በሳጥን የታጠረው ውጤት «0.62 × 5 = 3.1» ነው።

ንጹሑን ብቻ የሚገለብጥ ሰው 10 → 50፣ 124 ሚሊቮልትና 3.1 ሚሊግራም በሊትር ይጽፋል፤ «180» ምን እንደሆነም ግራ ይጋባል። ወደ ኋላ የሚሄድ አንባቢ ግን በመጀመሪያ 0.62 ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። መልሱ ያለው በኅዳጉ ጭረት ነው። 1 ሚሊግራም በሊትር ፍሎራይድ ያለው መለኪያ መፍትሔ 112 ሚሊቮልት፣ 10 ሚሊግራም በሊትር ያለው 54 ሚሊቮልት ካነበበ፣ ይዘቱ በአሥር እጥፍ ሲጨምር ንባቡ በ58 ሚሊቮልት ይወርዳል። ይህ ቁጥር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚጠበቀው 59 ጋር ስለሚቀራረብ ጭረቱ የኤሌክትሮዱ ማስተካከያ መሆኑ አያጠራጥርም። ስሌቱም እንዲህ ይሆናል፦

log C = (112 − 124) / 58 = −0.207፣ C = 0.62

ስለዚህ በኅዳግ ያለው መስመር የጥያቄው ምሰሶ ነው። «3 × 60 = 180» ግን ከየትኛውም ቁጥር ጋር አይገናኝም፤ የሦስት ሰው የመጓጓዣ ሒሳብ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ይሁን ምን ግን ቢወጣ ውጤቱ አይነካም።

የተሰረዙት ሁለት መስመሮች ይበልጥ ትኩረት ይሻሉ። የቀጠነው ናሙና ይዘት በእጥፍ ቢያድግ፣ በዚህ ኤሌክትሮድ ንባቡ በ58 × 0.301፣ ማለትም በ17.5 ሚሊቮልት ገደማ መውረድ አለበት። በ124 እና በ106 መካከል ያለው ልዩነት 18 ነው። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ደግሞ ከ5 ሚሊ ሊትር እጥፍ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ንባቦች የሁለቱ ማቅጠኛዎች ንባብ ሆነው ይታያሉ፦ 124 የ5 → 50፣ 106 የ10 → 50። የመጀመሪያው ጥንድ 0.62 × 10 = 6.2 ይሰጣል፤ ሁለተኛው 1.27 × 5 = 6.3 ገደማ ይሰጣል። ሁለቱ ይስማማሉ። በሳጥን የታጠረው 3.1 ግን የአንዱን ጥንድ ንባብ ከሌላው ጥንድ ማባዣ ጋር ያጋባ ነው። ተማሪው ማቅጠኛውን በአንድ ምክንያት፣ ንባቡን በሌላ ምክንያት፣ ምናልባትም በተለያየ ሰዓት ሰርዟል፤ በሕይወት የቀሩት ሁለት መስመሮች ደግሞ አብረው የተጻፉ አልነበሩም።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ መጠን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ስለሆነ ሁለቱም ቁጥሮች ከወሰኑ በላይ ናቸው፤ ነገር ግን ፍሎራይድን በአልሙና በኖራ ለማስወገድ የሚጨመረው መጠን ወይም የአጥንት ከሰል ማጣሪያ የሚቆይበት ጊዜ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነው።

የብራና መጻሕፍት አጥኚዎች ይህን ልዩነት ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ቅጠሎች ላይ የርስትና የጉልት መዝገብ በጥሩ እጅ ተጽፎ ይገኛል፤ የወንጌሉ ክፍል ነው የሚል ግን የለም። ጸሐፊው የዘለለው ቃል በኅዳግ ቢጻፍ ደግሞ ወደ ንባቡ ይመለሳል።

ፎቶው ራሱ የሚፈጥረው ችግርም አለ። ከጀርባ ገጽ የሚያስተላልፍ ቀለም በፎቶ ላይ እንደ ጭረት ይታያል፤ ቁጥሮቹ ተገልብጠው ከተነበቡ ግን የጀርባው ገጽ እንደሆኑ ይታወቃል። የደብተሩ የታተመ መስመር በቁጥር መካከል ሲያልፍ፣ ወይም የእጥፋት ጥላ ሲወድቅ፣ ያልተሰረዘው የተሰረዘ ይመስላል። እውነተኛው የስረዛ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከታተመው መስመር ጋር ትይዩ አይሆንም፤ ከቃሉም ጥቂት አልፎ ይቆማል። ከሁሉ የከፋው የፎቶው መቆረጥ ነው፤ ከላይ ባየነው ገጽ የቀኙ ኅዳግ ተቆርጦ ቢሆን 0.62 መነሻ አልባ ቁጥር ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ አራቱም የገጹ ጠርዞች የማይታዩበትን ፎቶ አማካሪው መመለስ አለበት፤ ሲጠራጠር ደግሞ የጀርባውን ገጽ ፎቶ ይጠይቅ።

ገልባጩ ያልተሰረዘውንም የተሰረዘውንም መስመር በሠንጠረዡ አስፍሮ፣ በአንድ ዓምድ መሰረዙን፣ በሌላ ዓምድ ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚገናኝ ቢጽፍ በቂ ነው። ይህ ሥራ ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ለአንድ ገጽ የሚጠይቀው ግን ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፣ ወደ ሶደሬ ተመልሶ ናሙና መቅዳት ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል።

ይህ አነባበብ ወሰን አለው። የ18 ሚሊቮልቱ ልዩነት ጠንካራ ማስረጃ ቢሆንም ተማሪው 106ን ለምን እንደሰረዘው አይነግረንም፤ ንባቡ ሳይረጋ ተጽፎ ከሆነ ስምምነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ገልባጩ 3.1ን አጥፍቶ 6.2 ሊተካ መብት የለውም። ከናሙናው በፕላስቲክ ጠርሙስ የተረፈ ካለ 5 ሚሊ ሊትሩ እንደገና ቀጥኖ ይለካ፤ ከ124 አጠገብ ካነበበ ነገሩ ያበቃል፣ ወደ 141 ከወጣ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ትክክል ነበር። ጠርሙሱ ከተጣለ ሁለቱም ውጤቶች የገጹ ፎቶ ተያይዞባቸው በመመረቂያ ጽሑፉ አባሪ ይቀመጡ፣ በአማካይ ስሌት ውስጥ ግን አንዳቸውም አይግቡ።