«አልተረጋገጠም» ማለት ሽሽት አይደለም

ከአንገር ጉቲን ወሬ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ሆኖ አይመጣም። ከከተማው አንድ ሰው ይደውልና «ተኩስ አለ» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይቋረጣል። አዲስ አበባ ያለው ወንድም ነቀምቴ ያለ ዘመድ ይጠይቃል፤ ዘመዱም የሚያውቀው ያንኑ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የገጹ ባለቤት ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ መለጠፍ ያፍራል። ስለዚህ ቁጥር ይጨምርበታል፣ ገዳይ ይጨምርበታል፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር የመጣ ፎቶ ይጨምርበታል።

ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መከራከሪያ አላቸው። «መንግሥት ይደብቃል፤ እስኪጣራ ከጠበቅን ማንም አይሰማም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር፤ ነቀምቴ ላይ ጥሪና አጭር መልእክት ሲሠራ ኢንተርኔት አልነበረም። እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ዝም ማለት ተገቢ አይደለም። ግን የማይታወቀውን ነገር ፈጥሮ መሙላትም ጨለማውን አያበራም።

የቶሌን ጉዳይ እንይ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ጅምላ ግድያ ተፈጸመ። በማግስቱ አንድ ነዋሪ 230 አስከሬን መቁጠሩን ለአሶሺየትድ ፕሬስ ተናገረ። ከዚያ ሌሎች ነዋሪዎች 260 አሉ፤ ከ300 በላይ ያሉም ነበሩ። ሰኔ 23 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃል አቀባይ ማንነታቸው የታወቁ ሟቾች 338 መድረሳቸውን ተናገሩ።

ከእነዚህ ሰዎች ማን ዋሸ? የግድ የዋሸ ሰው መኖር የለበትም። የመጀመሪያው ሰው የተናገረው እስከዚያ ሰዓት በዓይኑ ያየውን ነው። የዋሸው «ሟቾች 230 ናቸው» ብሎ ፋይሉን የዘጋው ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ «አንድ ነዋሪ እስካሁን 230 አስከሬን ቆጥሬያለሁ ብሏል፤ ጠቅላላው ቁጥር አልተረጋገጠም» የሚል ነበር። 338ም ቢሆን ማንነታቸው የታወቁት ብቻ ናቸው። «ማንነታቸው የታወቀ» የሚለውን ቆርጦ የጣለ ሰው ምናልባት ያልተለዩ ሟቾችን አብሮ ጥሏል።

ከቁጥሩ የከፋው ግን «ማን ገደለ» የሚለው ግምት ነው። በኪረሙ ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. የጸጥታ ኃይሎች ከአካባቢው ከወጡ በኋላ ከ150 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነዋሪዎችንና ተፈናቃዮችን ጠቅሶ ገለጸ። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ በብሔር ላይ በተመሠረተ የበቀል ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ለመጀመሪያው የተከሰሰው የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት (መንግሥት «ሸኔ» የሚለው) አልፈጸምኩም ብሏል። የመጀመሪያውን ብቻ የለጠፈ አንድ ወገን ሟች፣ ሁለተኛውን ብቻ የለጠፈ ሌላ ወገን ሟች አገኘ። ሁለቱም «ይኸው ሙሉው» አሉ። በቀል በቀናት ውስጥ በሚመጣበት አካባቢ ገና ያልታወቀን ገዳይ በብሔሩ መጥራት ለሚቀጥለው ሰው አድራሻ እንደ መስጠት ነው።

«አልተረጋገጠም» የሚለውን ቃል ባለሥልጣናትም ያበላሹታል። ለእነሱ ቃሉ ጉዳዩን መዝጊያ ነው፤ ምን እንዳልተረጋገጠ፣ ማን እያጣራ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነገር አይሉም። ይህ ክፍተትን ማሳየት ሳይሆን መሸፈን ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ ግድያ ሲፈጸም ኮሚሽኑ በሌላ መንገድ ሄደ፦ ይፋዊው ቁጥር 32 መሆኑን ገለጸ፤ ወዲያውም የመጀመሪያ መረጃዎች ቁጥሩ ከዚያ ሊበልጥ እንደሚችል እንደሚያመለክቱ አከለ። የሌለውን ቁጥር አልፈጠረም፤ ያለውንም እንደ መጨረሻ አላቀረበም።

ነገ ከአንገር ጉቲን ስልክ ቢደወል ታማኝ ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ተኩስ መሰማቱን በተለያየ ሰፈር ያሉ ሁለት ነዋሪዎች ተናግረዋል። ከ8 ሰዓት በኋላ ስልክ አይሠራም። የተጎዱ ሰዎች መኖራቸውን አንዱ አይቷል፤ ቁጥራቸው እስካሁን አልተረጋገጠም። ጥቃቱን ማን እንደፈጸመ አልታወቀም። የወረዳው አስተዳደር ተጠይቆ ምላሽ አልሰጠም። ማታ 2 ሰዓት ላይ እንመለስበታለን።» ማታ 2 ሰዓት ሲደርስ ደግሞ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «አሁንም አልታወቀም» ብሎ መመለስ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሼር አያስቆጥር ይሆናል። ግን ልጁ የጠፋበት አባት ምን እንደታወቀና ምን ገና እንደሚፈለግ ያገኝበታል። በግምት የተሞላው ግን ከሳምንት በኋላ አንዱ ቁጥር ሲፈርስ እውነተኛውንም ሟች ይዞ ይወድቃል፤ መካድ የሚፈልግም «ድሮም ውሸት ነበር» ለማለት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።