ማሩ ላይ የተሣለችው ሕፃን

የጎረቤቴ ልጅ የትግራይ ነጭ ማር በጠርሙስ አሽጋ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ልትሸጥ ተነሥታለች። ባለፈው ሳምንት ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ንድፍ ይዛ መጣችና «እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ዳር ዳሩን ጥለት ዞሮታል፤ መሐሉ ላይ ነጠላ የለበሱ አያት ለሕፃን በጣታቸው ማር ሲያቀምሱ ይታያል። ናፍቆት የሚቀሰቅስ ሥዕል ነው፣ ይሸጣልም። እኔ ግን ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ ዓይኔ ሕፃኗ ላይ ቀረ።

አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ማር እንኳ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ስፖር ሊኖርበት ይችላል። የአዋቂ አንጀት ያሸንፈዋል። የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ስፖሩ እዚያው ያድግና መርዝ ያመነጫል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የሆድ ድርቀት ነው፤ ከዚያ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይሰልላል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንገቱ ይዝላል። መርዙ የመተንፈሻ ጡንቻዎችንም ስለሚያደክም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ማድረስ ነው። ማሩን ቤት ውስጥ ማፍላት ስፖሩን አይገድለውም። እናትየዋ ብትበላው ግን በጡቷ ወተት ወደ ልጁ አያልፍም፤ አራሷ ማሯን ትብላ!

እስካሁን ባየኋቸው ጠርሙሶች ላይ ማስጠንቀቂያው ካለም በእንግሊዝኛ፣ ከጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። አማርኛው ለጌጥ ብቻ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበሩት አያት የሚያነቡት ግን አማርኛውን ነው። ጠርሙሱን የሚከፍቱትም፣ ሕፃኑን የሚያቅፉትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥ» የሚለው ከማሩ ስም ሥር፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል እንዲጻፍ ነገርኳት።

«ሳል ያድናል» የሚለውንም አሰረዝኳት። አሜሪካ ውስጥ ምግብ ላይ በሽታ ያድናል ተብሎ ሲጻፍ ሕጉ እንደ መድኃኒት ያየዋል።

ወረቀቱ ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑም አልተመቸኝም። ነጭ ማር ይረጋል፤ ፈሳሽ ማር የለመደ ገዢ ሲከፍተው ስኳር የተቀላቀለበት ይመስለዋል። ጎኑ ክፍት ቢሆን ንጣቱና መርጋቱ ከመግዛቱ በፊት ይታየዋል። አጠገቡም «መርጋቱ ተፈጥሮው ነው፤ ማቅለጥ ከፈለጉ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያቆዩት» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል።

«ሕፃኗ ከወጣች ናፍቆቱ አብሮ ይወጣል» ብላ ተከራከረችኝ። እንግዲያው አያትየዋ ማሩን ለአራሷ ልጃቸው ሲያቀርቡ ይሣሉ፣ ሕፃኗም እናቷ እቅፍ ውስጥ ትተኛ አልኳት። ሠዓሊው አሁን እየሠራው ነው።