ሳያጠፉ የሚያምኑበት «የስ»

የእንግሊዝኛ ትምህርታችን «ኩዌስቺን ታግ» የሚባለውን ነገር እንደ ሒሳብ ስሌት ይዞታል። ዓረፍተ ነገሩ አዎንታ ከሆነ ጅራቱን አሉታ አድርግ፤ አሉታ ከሆነ አዎንታ አድርግ፤ ከአራቱ ምርጫ አንዱን አክብብና እለፍ። ተማሪው ያከብባል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ለመሆኑ ጥያቄውን ራሱን ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል? ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ኮንጋን እንውሰድ። በይርጋ ጨፌ አካባቢ ያለችው የኮንጋ ቡና ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። እንበል፣ አንድ የውጭ ገዢ ቡና ማጠቢያው ድረስ መጥቶ የአገሩን ወጣት «ዩ ሃቨንት ሚክስድ ኢት፣ ሃቭ ዩ?» አለው። «ከሌላ ቡና አልቀላቀላችሁትም አይደል?» ማለቱ ነው። ወጣቱ እንደ አማርኛው አስቦ «የስ» ይላል። በአማርኛ «አዎ» የተናጋሪውን ቃል ማጽኛ ነውና፣ «አዎ፣ አልቀላቀልንም» ማለቱ ነበር። እንግሊዝኛው ግን የጠያቂውን አነጋገር አይከተልም፤ የሚከተለው የመልሱን ግሥ ነው። ካልቀላቀሉ «ኖ፣ ዊ ሃቨንት»፤ ከቀላቀሉ «የስ፣ ዊ ሃቭ»። ገዢው የሰማው እንግዲህ «አዎ፣ ቀላቅለናል» የሚል ነው። ወጣቱ ሳያጠፋ አመነ!

መምህራን መከራከሪያ አላቸው። የእኛ «አይደል?» ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጊዜ አንድ ነው፤ የእንግሊዝኛው ጅራት ግን በረዳት ግሡና በተውላጠ ስሙ ይለዋወጣልና አሠራሩ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አሠራሩን የሳተ ተማሪ «ራይት?» ብሎ ጠይቆ ይግባባል፤ መልሱን የሳተ ግን ያልፈጸመውን ፈጸምኩ ይላል።

ይባስ ብሎ፣ ከዚሁ ጎን «ኢንቨርሽን» የሚሉት በእኩል ክብር ተደርድሯል። «አይ ሃቭ ኔቨር ሲን ኢት» ማለት ሲቻል፣ «ኔቨር» ፊት ስለ ቀደመ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን ኢት» ይባላል። ትርጉሙ ያው ነው፤ ሁለተኛው ለንግግር ግርማና ለጽሑፍ አጽንዖት ይሆናል። አማርኛም ሆነ ጌዴኡፋ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ «ከቶ» ብንልና ብናስቀድም ግሡ ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ተማሪው «ገልብጥ» ሲባል ዋናውን ግሥ ይገለብጥና «ኔቨር ሳው አይ» ይላል። የሚገለበጠው ረዳት ግሡ ነው፤ ከሌለም «ዲድ» ይጠራል፦ «ኔቨር ዲድ አይ ሲ»። ይህን የማያውቅ ሰው «ኔቨር»ን መሐል አስገብቶ ዕድሜ ልኩን በሰላም ይናገራል።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ የቱ ይቅደም? ፈተና አውጪው ከእያንዳንዱ ጅራት ጥያቄ ሥር «መልሱስ?» የሚል አንድ መስመር ይጨምር። መምህሩም «የስ» ወይም «ኖ» ብቻውን እንዳይነገር፣ ግሡ ይከተለው ብሎ ያስለምድ። «ኖ፣ ዊ ሃቨንት» የሚል የኮንጋ ልጅ ቡናውንም ስሙንም ያድናል።