ፋሲካ ያደመቀውን ገበያ ሬዲዮ ሲወስደው

በግንቦት 2017 አንድ ከሰዓት በኋላ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ አየር ጤና ወረድኩና የአክስቴ ልጅ ኬክ ቤት ገባሁ። ፊቷ በርቷል። ማኪያቶዬ ሳይመጣ ወሬው መጣ።

«የሬዲዮ ማስታወቂያው ሠራ እኮ! መጋቢት ላይ ከሸጥኩት እጥፍ ሸጥኩ። ለሦስት ወር ላስቀጥል ነው።»

«ማስታወቂያው መቼ ነው የጀመረው?» አልኳት።

«ከፋሲካ ማግስት።»

ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ እሷ ቀድማኝ ሳቀች። በ2017 ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ነበር፤ ፋሲካ የዋለው ደግሞ ሚያዝያ 12። መጋቢት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጾም ነው። ቅቤ፣ እንቁላልና ክሬም የሚበላበትን ኬክ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጊዜ ያልነካ ሰፈር ሲፈታ ምን ያደርጋል? ኬክ ይገዛል። ሬዲዮ ኖረም አልኖረም ይገዛል። የአክስቴ ልጅ ፋሲካ ያመጣላትን ደንበኛ ቆጥራ ደረሰኙን ለኤፍኤም ጣቢያ ልትከፍል ነበር።

ይቺ ሴት ሞኝ አይደለችም። የዱቄትና የስኳር ዋጋ ከእኔ ስልክ ቁጥር በላይ በቃሏ ታውቃለች። ማስታወቂያ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ብዙው ነጋዴያችን ሂሳቧን ትታ ወደ እምነት ትገባለች። የዛሬው ክርክሬም ይኸው ነው፦ ማስታወቂያው አለመሥራቱ በምን እንደሚታወቅ ቀድሞ ያልወሰነ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ምጽዋት እንጂ ንግድ አይደለም።

«እሺ፣ ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ጋር ላወዳድረው» አለችኝ። ይሄም ወጥመድ ነው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። ያኔ ሚያዝያ ከሞላ ጎደል በጾም አለቀ፤ በ2017 ግን ከግማሽ በላዩ ፍስክ ሆነ። ወሩ አንድ ነው፤ ገበያው ግን ሌላ። በዚያ ላይ በመሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቋል። ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ስለተወደደ አንድ ኬክ ሳትጨምር በብር ብቻ «አድጋ» ልትታይ ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ብር መቁጠር ማቆምና የተሸጠ ኬክ መቁጠር ሆነ። ሁለተኛው፣ ንጹሕ ጊዜ መፈለግ።

ካሌንደር ዘርግተን ስንፈልግ በ2018 መጀመሪያ ላይ አንድ ጥሩ ክፍተት አገኘን። ከመስቀል ማግስት መስከረም 18 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እስኪገባ ድረስ ትልቅ በዓልም ረጅም ጾምም የለም። ስምንት ሳምንት ይወጣዋል። አራቱን ሳምንት ያለ ማስታወቂያ፣ ከጥቅምት 16 ጀምሮ ያሉትን አራት ሳምንታት ደግሞ ከበራሪ ወረቀት ጋር እንድትሸጥ ተስማማን። በእነዚህ ስምንት ሳምንታት ሌላ ምንም እንዳትቀይር ለመንኳት። ዋጋ እንዳትነካ፣ አዲስ የኬክ ዓይነት እንዳታወጣ፣ ሬዲዮም እንዳይኖር። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ ማንም አያውቅም።

በራሪዎቹን በሦስት ቀለም ማህተም ለየናቸው። «ይህን ወረቀት ይዞ ለመጣ 50 ብር ቅናሽ» የሚለው ጽሑፍ በሁሉም ላይ አንድ ነው። በኬክ ቤቱ በር ላይ የሚታደለው ቀይ፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚታደለው ሰማያዊ፣ በኮንዶሚኒየም ብሎኮች የሚታደለው አረንጓዴ ማህተም አለው። ይሄ አዲስ ጥበብ አይደለም። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ጸሐፊ ክላውድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ማስታወቂያ ተቆርጦ በሚመለስ ኩፖን እየተቆጠረ መለካት አለበት ብሎ ሲከራከር የነበረ ነው። እኛ ጋ ኩፖኑን የሚተካው ማህተም ነው።

ካሸሯን ያስጨረስነው መሐላ አንድ ነበር፦ ወረቀቱን ተቀብላ ካርቶን ውስጥ ሳትጨምር ቅናሽ እንዳትሰጥ። ኮድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ካሸሯ ደንበኛ ላለማስቀየም «ወረቀቱን ረሳሁት» ላለ ሁሉ ከቀነሰች ቁጥሩ አለቀለት። ማታ ማታ በካርቶኑ ያለው ወረቀትና በሂሳብ መዝገቡ ያለው ቅናሽ እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቁጥሮቹ የእሷ አይደሉም፤ የሱቅ ገመና ስለማይወጣ ስሌቱ እንዲታይ ብዬ ክብ አድርጌ የቀየርኳቸው ናቸው። ካለ ማስታወቂያው አራት ሳምንት 400 ኬክ ተሸጠ እንበል፤ በበራሪው አራት ሳምንት ደግሞ 520። ልዩነቱ 120 ነው። ከአንድ ኬክ 300 ብር የምታተርፍ ከሆነ 36,000 ብር ማለት ነው። ለወረቀት ኅትመትና ለአዳዮቹ የወጣው 15,000 ብር ነው። በዚህ ሂሳብ የአክስቴ ልጅ ሌላ 5,000 በራሪ ለማሳተም ስልክ ታነሳለች።

ካርቶኑ ሲገለበጥ 90 ወረቀት ተገኘ እንበል። 60ው ቀይ፣ 20ው አረንጓዴ፣ 10ሩ ሰማያዊ። «አየህ፣ በር ላይ ማደል ነው የሚያዋጣው» ትላለች። ግን በሩ ላይ ወረቀት የተቀበለው ማነው? እግሩ ደረጃው ላይ ያረፈ ሰው ነው። ኬኩን ሊገዛ መጥቶ እኛ 50 ብር ሰጥተን ያስገባነው ደንበኛ! ኮድ ወረቀቱን ይዞ የመጣውን ይነግረናል። በወረቀቱ ምክንያት የመጣውን ግን አይነግረንም። ይቺን ልዩነት የሳተ ሰው በቆጠረ ቁጥር ይበልጥ ይሳሳታል።

መድኃኒቱ ማስታወቂያው ያልደረሰው ማወዳደሪያ ነው። የአክስቴ ልጅ ሳሪስ ሁለተኛ ሱቅ አላት፤ በራሪው እዚያ አልተበተነም። ሳሪስ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 300፣ በኋለኞቹ 360 ሸጠ እንበል። ያለ ምንም ማስታወቂያ 20 በመቶ አደገ። ምክንያቱን ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነው፤ ኪስ የሚተነፍሰው ጥቅምት ላይ ነው። አየር ጤናም በዚያው መጠን በራሱ ቢያድግ ከ400 ወደ 480 ይደርስ ነበር። የደረሰው 520 ነው። ስለዚህ የበራሪው ድርሻ 120 ሳይሆን 40 ኬክ ነው።

እንግዲህ 40 ኬክ በ300 ብር 12,000 ይሆናል። ለ90 ወረቀት የተሰጠው ቅናሽ 4,500፣ ወጪው 15,000። ሲደመርና ሲቀነስ 7,500 ብር ኪሳራ። ያው ወረቀት፣ ያው ሽያጭ፣ ሳሪስን ስንጨምርበት ትርፍ ወደ ኪሳራ ተገለበጠ። ደግሞም 90 ወረቀት መጥቶ የተጨመረው ኬክ 40 ብቻ ከሆነ፣ ቢያንስ 50ዎቹ ቅናሽ የወሰዱት ያለ ወረቀቱም የሚመጡ ሰዎች ናቸው። «ቢያንስ» ያልኩት በይሉኝታ ምክንያት ነው። ፍቅረኛውን ይዞ የመጣ ጎረምሳ የቅናሽ ወረቀት ከኪሱ አያወጣም። አይቶት መጥቶ ሙሉውን ከፍሎ ይሄዳል፤ በካርቶኑም ውስጥ አይገኝም።

ሁለት ነገር ሳልናገር ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። አንደኛው፣ 40ዋም ራሷ ጥርጣሬ አለባት። 40 ኬክ በአራት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 10 ነው። የአየር ጤናው ሱቅ ያለ ማስታወቂያ እንኳ አንዱን ሳምንት 85፣ ሌላውን 115 የሚሸጥ ከሆነ 10 ኬክ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ አንዴ የመጣ አዲስ ደንበኛ ለልጁ ልደት ተመልሶ ከመጣ ኪሳራው ወደ ትርፍ ሊዞር ይችላል። ይህን ለማወቅ አረንጓዴ ማህተም ይዘው የመጡትን «ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠይቆ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ያወጣነው ውሳኔም ከዚህ የመነጨ ነው፦ በር ላይ ማደል ይቁም፣ የታክሲ ሰልፉም ይቅር፣ ኮንዶሚኒየሙ ብቻ አንዴ ይደገም።

ቀጥሎ አደባባዩ አካባቢ ባነር ልትሰቅል ስታስብ አዲስ ሲም ካርድ ገዛንና ከባነሩ በቀር የትም ያልተጻፈ ቁጥር አወጣንላት። በአንዲት ባለ ሁለት ሲም ስልክ የድሮውም የአዲሱም ቁጥር ይጠራል፤ የትኛው እንደጠራ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ከጎኗ ደብተር አለ፦ ሰዓት፣ የደዋዩ ቁጥር፣ አዘዘ ወይስ አላዘዘም። አንድ ሰው ሦስቴ ቢደውል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሚስድ ኮልም ይጻፋል፤ ባነሩ ሥራውን ሠርቶ ስልክ የሚያነሳ ከጠፋ ጥፋቱ የባነሩ አይደለምና። ድክመቱን ግን አንርሳ። ከቤቴል በሚመጣ ታክሲ መስኮት አሥር አሃዝ የሚይዝ አእምሮ ብርቅ ነው። ስሙን አይቶ በእግሩ የሚመጣው ይበዛል። ስለዚህ የባነሩ ስልክ ዝም ካለ ባነሩ ሞቷል ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ የሳሪስን ማወዳደሪያ አሁንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሬዲዮስ? ሬዲዮ ከበራሪ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ድምፁ አየር ጤናም ሳሪስም እኩል ስለሚሰማ ማወዳደሪያ ሱቅ የለም። ያለው አማራጭ ማስታወቂያውን ስለ ልደት ኬክ ትዕዛዝ ብቻ ማድረግ፣ ሁለት ሳምንት አስነግሮ ሁለት ሳምንት ማቆም፣ ይህንኑ መድገም ነው። ትዕዛዙ ማስታወቂያው ሲነገር ከፍ፣ ሲቆም ዝቅ እያለ ከተመላለሰ፣ በዚያው ጊዜ ሻይና ዳቦው ካልተነቃነቀ፣ ያኔ ሬዲዮው ምስጋና ይገባዋል።

የጣቢያው የማስታወቂያ ሠራተኛ ይህን ስትነግረው ተከፋ። «ማስታወቂያ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁለት ሳምንት ተሰምቶ የሚቆም ነገር አይሠራም» አላት። ግማሽ እውነት አለው፤ ስም ለማስለመድ ጊዜ ይወስዳል። ግን ከፋሲካ ማግስት በሁለተኛው ሳምንት «አየሽ፣ ሠራ!» ያላትም እሱ ራሱ ነበር። ሲሳካ በሁለት ሳምንት የሚታይ፣ ሳይሳካ ሲቀር ግን ዓመት ጠብቁ የሚባልበት ዕቃ ሌላ የት ገበያ አለ?

የአክስቴ ልጅ የሦስት ወሩን ውል አልፈረመችም። ደብተሯን ግን አሁን ከካሸሯ ጎን አታነሳውም።